የእኩል ከፍታ መስመርና የዓድዋ ኮረብቶች

የዓድዋን ጦርነት ታሪክ የሚያነብ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ቆም ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ይኸውም ጄኔራል አልቤርቶኔ የሚመራው የኢጣልያ ብርጌድ ካርታው «ኪዳነ ምሕረት» ብሎ ከጻፈበት ኮረብታ ከደረሰ በኋላ እንደ ገና ተነሥቶ ወደ ፊት የሄደበት ቦታ ነው። ይህን ድርጊት ብዙዎች የስም ስሕተት ነው ብለው ያልፉታል። በእርግጥም የስም ስሕተት ነበረ። ነገር ግን እኛ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ የተነሣንበት ጥያቄ ከዚህ ጥቂት ይርቃል፤ አንድ ካርታ የስም ስሕተት ቢኖርበት እንኳ ሊያርመው የሚችል ሌላ ምስክር በወረቀቱ ላይ ይኖራል ወይ? የሚል ነው። እንደምናየው ምስክሩ በእንግሊዝኛ አጠራር ኮንቱር የሚባለው፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ የእኩል ከፍታ መስመር የምንለው ነው።

በመጀመሪያ የመስመሩን ምንነት እንግለጽ። የእኩል ከፍታ መስመር ማለት ከባሕር ወለል በላይ አንድ ዐይነት ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች ሁሉ የሚያገናኝ መስመር ነው። በመሬት ላይ የለም፤ በወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው። ሆኖም መሬት ላይ ተሥሎ ለማየት የሚወድ ሰው ወደ ኮንሶ ቢሄድ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። የኮንሶ ገበሬ የድንጋይ እርከኑን ሲሠራ ውሃው ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ አፈሩን እንዳይወስድበት፣ የእርከኑን ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ከፍታ ለማስኬድ ይጠነቀቃል። ኮረብታው ሲጎብጥ እርከኑ ይጎብጣል፤ ኮረብታው ወደ ውስጥ ሲገባ እርከኑም ይገባል። ከላይ ሆኖ ለሚመለከተው የእርከኑ ጠርዞች የኮረብታው ካርታ ናቸው ማለት ይቻላል።

መስመሩ በሳይንስ ረገድ የተወለደው በመጀመሪያ ከውሃ በታች ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1730 አካባቢ ክሩኪየስ የተባለ የሆላንድ መሐንዲስ የሜርቬደን ወንዝ ጥልቀት ለማሳየት እኩል ጥልቀት ያላቸውን ቦታዎች በመስመር አገናኘ። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ የወንዝ ወለል ለዓይን አይታይምና መለኪያ ገመድ ጥሎ ቍጥር ከመሰብሰብ በቀር ሌላ መንገድ የለም። ተራራ ግን ለሁሉም ይታያል። ስለዚህ ሠዓሊው ተራራውን ከፊት ለፊት እንደሚታየው አድርጎ እየሣለ ለረጅም ዘመን በዚሁ ረክቶ ኖረ።

ወደ ተራራው የተሻገረበት ታሪክ ደግሞ እንዲህ ነው። በ1774 ኔቪል ማስክሊን የተባለው የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የከዋክብት ሊቅ በስኮትላንድ ሺሃልየን ከሚባል ተራራ ሥር ቱንቢ አንጠልጥሎ፣ የተራራው ክብደት ቱንቢውን ወደ ራሱ ምን ያህል እንደሚስበው ለካ። ዓላማው የመሬትን ጠቅላላ ጥግግት ማወቅ ነበረ። ለዚህም የተራራው መጠን በትክክል መታወቅ ስለ ነበረበት ቀያሾች ዙሪያውን ለክተው እጅግ ብዙ የከፍታ ቍጥሮች ሰበሰቡ። ስሌቱ ለሒሳብ ሊቁ ለቻርልስ ሐተን ተሰጠ። ሐተን ቍጥሮቹ በወረቀቱ ላይ እንደ ተበተነ ጤፍ ሆነው ቢያስቸግሩት፣ እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች በቀጭን መስመር አገናኛቸው። ወዲያውኑ ተራራው ቅርጽ አገኘ፤ በነጥቦቹ መካከል ያልተለካውንም ቦታ ከፍታ መገመት ተቻለ። ውጤቱን በ1778 ለሊቃውንቱ ማኅበር አቀረበ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር አለ፤ መስመሩ ተራራን ለማስዋብ ሳይሆን ተራራን ለማስላት የተገኘ መሆኑን ነው።

አሁን መስመሩ እንዴት እንደሚነበብ እንመልከት። ለምሳሌ ስኬሉ 1 ለ50,000 የሆነ ካርታ በእጃችን አለ እንበል። በዚህ ካርታ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ማለት በመሬት 50 ሜትር ነው። ከአንዱ መስመር እስከ ቀጣዩ ያለው የከፍታ ልዩነት ደግሞ 20 ሜትር ይሁን። በኮረብታው በስተ ምሥራቅ ከ2,000 ሜትሩ መስመር እስከ 2,100 ሜትሩ መስመር በማስመሪያ ብንለካ 4 ሚሊ ሜትር አገኘን፤ ይህ በመሬት 200 ሜትር ነው። እንግዲህ 200 ሜትር ወደ ፊት ስንሄድ 100 ሜትር ወደ ላይ እንወጣለን፤ ዳገቱ 1 ለ2 ነው፤ በማዕዘን 27 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ይህን መድፍ የጫነ በቅሎ አይወደውም። በስተ ምዕራብ ግን እነዚያው ሁለት መስመሮች በ2 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው አገኘናቸው፤ ይህ 1,000 ሜትር ነው። ዳገቱ 1 ለ10፣ ወይም 6 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህን ሸክም የያዘ ሰው እያወራ ይወጣዋል። ኮረብታው አንድ ነው፤ ከፍታውም አንድ ነው፤ ነገር ግን በሁለቱ ወገን የሚወጡት ሰዎች ስለ ሁለት የተለያዩ ኮረብቶች ቢነግሩን አይፈረድባቸውም።

ስለዚህ መስመሮቹ ሲቀራረቡ ቁልቁለቱ የበረታ፣ ሲራራቁ የለዘበ ነው። ጀማሪ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ካርታዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በአንዱ ላይ መስመሮቹ ጥቅጥቅ ስላሉ ብቻ አገሩ ገደላማ ነው ይላል። አንዱ ካርታ በየ20 ሜትሩ፣ ሌላው በየ100 ሜትሩ የተሠመረ ከሆነ ግን በዓይን ማመዛዘን ከንቱ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ በካርታው ግርጌ የተጻፈውን የከፍታ ልዩነትና ስኬል ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ንባብ የሸለቆና የሸንተረር ነው። መስመሩ ወንዝ ያለበትን ሸለቆ ሲያቋርጥ ቀጥ ብሎ አይሻገርም፤ ከፍታውን እንዳይለቅ በአንደኛው ዳር ወደ ወንዙ ራስ ይወጣና ወንዙን ተሻግሮ በሌላው ዳር ይመለሳል። በዚህ ምክንያት በሸለቆ ውስጥ መስመሮቹ እንደ ቀስት ጫፍ ይሾላሉ፤ የቀስቱም ጫፍ ወደ ላይ፣ ወንዙ ወደሚመነጭበት ያመለክታል። በሸንተረር ላይ ተቃራኒው ይሆናል፤ ጫፉ ወደ ቁልቁል ያመለክታል። እንግዲህ ወንዙ በካርታው ላይ ባይሣልም እንኳ የመስመሩን ቍጥር አይቶ ቀስቱ ወዴት እንደሚያመለክት የሚያስተውል ሰው ሸለቆውን ከሸንተረሩ ይለያል። ቍጥሩን ሳያይ ቅርጹን ብቻ የሚመለከት ግን ሁለቱን ያማታል፤ ከእኛም መካከል በመጀመሪያው ልምምድ ላይ ወንዝን በተራራ ጀርባ ላይ ያስኬዱ ነበሩ።

በሁለት ከፍታዎች መካከል መሬቱ ዝቅ ብሎ እንደ ኮርቻ ሲሆን ሕዝባችን «በር» ይለዋል፤ መንገድ የሚያልፈው በዚያ ነውና። በካርታ ላይ በር የሚታወቀው በግራና በቀኝ የተዘጉ ቀለበቶች፣ በፊትና በኋላ ደግሞ ሁለት የሸለቆ ቀስቶች ጫፍ ለጫፍ ተያይተው ሲገኙ ነው። አምባ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። እንደ መቅደላ ያለ አምባ ዙሪያውን መስመሮቹ ተጣብቀው አንድ ወፍራም ቀለበት እስኪመስሉ ይቀራረቡና፣ ቀለበቱን አልፈን ወደ ውስጥ ስንገባ ድንገት ባዶ ይሆናል። ባዶነቱ ሜዳ ማለት ነው። መስመር የሌለበት ቦታም እንደ መስመሩ ሁሉ ይናገራል።

ሦስተኛው ንባብ ለታሪክ ተማሪ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ነው፤ ከየት ወዴት ይታያል? የሚል ነው። ለዚህ ቀላል ዘዴ አለ። በካርታው ላይ በሁለቱ ቦታዎች መካከል የወረቀት ጠርዝ እናሳርፋለን፤ ጠርዙ መስመር በተሻገረ ቍጥር ምልክት አድርገን ከፍታውን እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ በሌላ ወረቀት ላይ ምልክቶቹን በየከፍታቸው አቁመን ብናገናኛቸው መሬቱ በቢላዋ እንደ ተቈረጠ ዳቦ ጎኑን ያሳየናል። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ቀጥ ያለ መስመር አስምረን መሬቱ መስመሩን ከነካው ሁለቱ ቦታዎች አይተያዩም። ልምድ ያለው አንባቢ ይህን ሳያደርግም ጥቂት ሊገምት ይችላል። መስመሮቹ ከጫፉ አጠገብ ተቀራርበው ከግርጌ ከተራራቁ ቁልቁለቱ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነውና ከላይ የቆመ ሰው እግርጌው ድረስ ያያል። ከጫፉ ተራርቀው ከግርጌ ከተቀራረቡ ግን ቁልቁለቱ ወደ ውጭ ያበጠ ነው፤ ከላይ ያለው ጠባቂ ከሆዱ ሥር የተጠጋውን ጠላት አያይም።

በዚህ ዕውቀት ወደ ዓድዋ እንመለስ። በዓድዋ ዙሪያ ያለው አገር የጥንት እሳተ ገሞራ የተወው ነው። ሹል ሹል ተራሮችና ኮረብቶች እዚህም እዚያም ተነጣጥለው ቆመዋል፤ በመካከላቸውም ሸለቆና በር አለ። ጄኔራል ባራቲዬሪ ወደ 17,700 የሚሆን ጦርና 56 መድፍ ይዞ በሳውርያ ሰፍሮ ነበር። የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም. ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ጦሩ ተነሥቶ ሌሊቱን ተጓዘ። ዕቅዱ ሦስት ብርጌዶች ጎን ለጎን ሆነው ከፍታዎቹን እንዲይዙ ነበረ፤ ዳቦርሚዳ በቀኝ፣ አሪሞንዲ በመካከል፣ አልቤርቶኔ በግራ፤ የኤሌና ብርጌድ ደግሞ ከኋላ በደጀንነት እንዲከተል ነበረ። ለአዛዦቹ ከትእዛዙ ጋር የታደላቸው ንድፍ የግራውን ከፍታ ኪዳነ ምሕረት ይለዋል።

አልቤርቶኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ንድፉ ከሚያመለክተው ኮረብታ ደረሰ። የአገር ሰዎች የሆኑት መንገድ መሪዎቹ ግን እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት፣ ወደ ዓድዋ አቅጣጫ እንደ ሆነ ነገሩት። መሪዎቹ ስለ ስሙ የተናገሩት እውነት ነበረ። አልቤርቶኔም ስሙን ተከትሎ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ፊት ሄደ። ጎኑ ይቆማል ተብሎ የታሰበው አሪሞንዲ በዚያ ጊዜ ገና ከኋላ ነበረ። ሲነጋ የአልቤርቶኔ ብርጌድ ብቻውን ከንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ሠራዊት ጋር ተገናኘ።

ስሕተቱ ከምን መጣ? ንድፉ የተሠራው ከሩቅ፣ ከኢጣልያኖቹ ወገን ሆኖ በማየት ነው። እዚህ ላይ ነው የእኩል ከፍታ መስመር ጉዳይ የሚነሣው። ከአንድ ወገን ቆሞ ተራሮችን የሚያይ ሰው የተራሮቹን ጫፍ በሰማዩ ላይ ያያል። በፊተኛው ኮረብታና በኋለኛው መካከል ያለውን ርቀት ግን አያይም፤ ሁለቱ እንደ ተጣበቁ ሆነው ይታዩታል። 1 ኪሎ ሜትርም ይሁን 6 ኪሎ ሜትር፣ በመካከል ያለው ሸለቆ ከፊተኛው ሸንተረር በስተ ጀርባ ተሰውሯል። እንዲህ ያለ ንድፍ ስም ሊይዝ ይችላል፤ ርቀትንና ከፍታን ግን አጣምሮ አይዝም። የእኩል ከፍታ መስመር ያለው ካርታ አገሩን ከላይ ወደ ታች ስለሚያሳይ በሸንተረሮቹ መካከል ያለው ሸለቆ የራሱን ስፋት ይዞ በወረቀቱ ላይ ይቀመጣል። ስሙ በተሳሳተ ኮረብታ ላይ ቢጻፍ እንኳ አዛዡ «ትእዛዙ ከአሪሞንዲ ጎን እንድቆም ነው፤ ከዚህ ወዲያ ግን ሌላ ሸለቆ አለና ብሻገረው እለያለሁ» ብሎ ለማመዛዘን የሚያስችለው ነገር በእጁ ይኖረው ነበር። ስም የሚነግረው የት እንደሚሄድ ነው፤ መስመሩ ግን ሲሄድ ከማን እንደሚርቅ ይነግረው ነበር።

በቀኝም በኩል ተመሳሳይ ነገር ሆነ። ዳቦርሚዳ አልቤርቶኔን እንዲደግፍ ወደ ፊት ቢላክ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባ። ሸለቆ ሰውን ይወስዳል፤ እግር የሚቀናው በዚያ ነውና። በእርሱና በመካከለኛው ጦር መካከል ከፍታ ስላለ ባራቲዬሪ ሊያየውም ሊደርስለትም አልቻለም። ኢትዮጵያውያን በመካከል ያለውን የበላሕን ተራራ ክንድ በያዙ ጊዜ የኢጣልያ ጦር ተቈራርጦ እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻው ተመታ። አልቤርቶኔ ተማረከ፤ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ።

እዚህ ላይ ግን ነገሩን ከልኩ ማሳለፍ አይገባም። ካርታ ስለ ጎደላቸው ተሸነፉ የሚል ታሪክ ሐሰት ይሆናል። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ 100,000 የሚጠጋ ሠራዊት ከየአገሩ አሰባስበው ነበር፤ ራሶቹም ጦራቸውን በጊዜው አንቀሳቅሰዋል። የኢትዮጵያ ወገንም ከፍታን የሚያሳይ ካርታ በእጁ አልነበረውም። የነበረው አገሩን በእግሩ የሚያውቅ ሰው ነው። ራስ አሉላንና ራስ መንገሻን የመሰሉ የትግራይ መኳንንት የትኛው ሸለቆ ከየትኛው በር እንደሚያወጣ ለማወቅ ወረቀት አላስፈለጋቸውም። እንግዲህ የእኩል ከፍታ መስመር የሚሰጠው ነገር ቢኖር፣ የአገሩ ሰው በዕድሜው የሚያገኘውን ዕውቀት ጥቂቱን ለእንግዳ ሰው በወረቀት ማቀበል ነው።

ጥቂቱን ያልነው በምክንያት ነው። መስመሮቹ በየ20 ሜትሩ ከተሠመሩ 15 ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ በሁለት መስመሮች መካከል ገብቶ ፈጽሞ ላይታይ ይችላል፤ ከዚያ ጉብታ ጀርባ ግን ብዙ መቶ ሰው ይደበቃል። 10 ሜትር የሚጠልቅ ፈፋ በካርታ ላይ ባይኖርም ፈረሰኛን ያቆማል። በ2000 በአውሮጳ አቈጣጠር የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር የምድርን ከፍታ በራዳር ከለካ ወዲህ የማንኛውንም አገር የከፍታ መስመር በኮምፒዩተር ማሠመር ቀላል ሆኗል። ነገር ግን ልኬቱ የአንድን ሰፊ ቍራሽ መሬት ከፍታ በአንድ ቍጥር ስለሚወክል፣ እንደ ዓድዋ ያሉ ሹል ተራሮች ጫፋቸው ዝቅ ብሎ፣ ገደላቸውም ለዝቦ ይወጣል። ስለዚህ ከእንዲህ ያለ ካርታ ተነሥቶ «ከዚህ እዚያ ይታይ ነበር» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ፣ የእይታው መስመር መሬቱን ለጥቂት የሚያልፍ ወይም ለጥቂት የሚነካ ከሆነ ፍርዱን ቢያዘገይ ይሻላል። በቦታው ቆሞ ማየት የሚተካ ነገር የለውም።

ይህም ሆኖ የጦርነት ታሪክ ስንጽፍ «ጦሩ ወደ ኮረብታው ወጣ፤ ጠላትም ከሸለቆው መጣ» በማለት ብቻ እንዳንረካ ለጓደኞቻችን እናሳስባለን። ኮረብታው በየትኛው ወገን ይወጣል? ዳገቱ 1 ለ2 ነው ወይስ 1 ለ10? ከጫፉ ሸለቆው ይታያል ወይ? በመካከል በር አለ ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ የሚያስፈልገው አንድ ካርታ፣ አንድ ማስመሪያና የወረቀት ጠርዝ ነው። አልቤርቶኔ በዚያ ሌሊት ትክክለኛውን ስም ይዞ ወደ ስሕተት ቦታ ሄደ። እኛም ስሞቹን ሁሉ በትክክል ጽፈን መሬቱን ሳናውቅ ብንቀር ያው ስሕተት በወረቀት ላይ ተደገመ ማለት ነው።